ከቡድን ፎቶ ላይ የአንድ ሰው ልብስ ብቻ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፎቶ ኤዲት የሚያደርግ ሰው ይህን ትዕዛዝ ሳይሰማ አይከርምም፦ «ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፤ ወንድሜ ብቻ ብርቱካናማ ፖሎ አድርጎ መጥቷል። የእሱን ብቻ ቀይርልኝ፣ ሌላውን እንዳትነካ።» ልብሱን መቀየር ያን ያህል አይከብድም። የምታስቸግረው «ሌላውን እንዳትነካ» የምትለዋ ናት።

ከታች ላሉት ጥያቄዎች የምመልሰው አንድ የመልስ ዕለት ፎቶ ይዤ ነው። ፎቶው ላይ ሰባት ሰዎች ጥላ ሥር ቆመዋል። ፖሎ የለበሰው ወንድም መሀል ላይ ነው። በአንድ በኩል እናቱ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገዋል። በሌላው በኩል የእህቱ ነጠላ ዘርፍ ክንዱ ላይ ወርዷል። የተፈለገው አንገቱ ላይ ጥበብ ያለው ነጭ የሀበሻ ሸሚዝ ነው።

አፑ ላይ «የእሱን ልብስ ብቻ ቀይር» ብዬ ጻፍኩ። የእናቴ ፊት ለምን ተለወጠ?

አፑ ልብሱን ቆርጦ ስላልቀየረ ነው። በጽሑፍ ትዕዛዝ የሚሠሩት አብዛኞቹ አፖች ፎቶውን ያዩና ሙሉውን እንደ አዲስ ይስሉታል። የእናትሽን ፊት ለመለወጥ አስቦ አይደለም። እንደገና ሲስላቸው በትክክል እሳቸውን መሳል አቅቶት ነው።

ቡድን ፎቶ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ፊቶቹ ትንንሽ ናቸውና። ምስል የሚስሉት እንደ Stable Diffusion ያሉ የAI ሞዴሎች ፎቶውን የሚያዩት ጨምቀው ነው። በአግድም 8፣ በቁም 8 ፒክስል የሚሆነው ቦታ አንድ ካሬ ይሆናል። ስለዚህ 60 ፒክስል ስፋት ያለው ፊት በአግድም 8 እንኳ በማይሞሉ ካሬዎች ይወከላል። ከዚያ ላይ ዓይንና ከንፈር መልሶ ለማውጣት መገመት ግድ ነው። ግምቱ ደግሞ የሚያምር ፊት ያወጣል፣ ግን የእናትሽን አይደለም። ብዙ ሰው ይህን የሚያየው ፎቶው ለዘመድ ከተላከ በኋላ ነው። ቀድመው የሚለዩት ደግሞ የፊቱ ባለቤት ናቸው።

የሚቀየረውን ቦታ በማስክ ለይታችሁ ብትሰጡም፣ አንዳንዱ ፕሮግራም ከማስኩ ውጭ ያለውንም ጨምቆ ይፈታዋል። ልዩነቱ ስስ ነው፣ ግን አለ። የፎቶሾፕ Generative Fill በዚህ ይሻላል። አዲሱን ሥራ ለብቻው ሌየር ላይ፣ የመረጣችሁትን ቦታ ማስክ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከሥር ያለው ዋናው ፎቶ እንዳለ ይቆያል።

ታዲያ አፑ የሠራውን ልጣለው?

አትጣሉት። ፊቶቹን ጥሉና ልብሱን ውሰዱ።

በፎቶሾፕ ወይም ብራውዘር ላይ በነጻ በሚሠራው Photopea ዋናውን ፎቶ ክፈቱ። አፑ የሰጣችሁን ከላዩ እንደ አዲስ ሌየር አስቀምጡ። ለላይኛው ጥቁር ማስክ ስጡት፤ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ከዚያ በነጭ ብሩሽ ሸሚዙ ላይ ብቻ ቀቡ። ብሩሹ ያላለፈበት ቦታ ሁሉ ዋናው ፎቶ ነው። የእናትየው ፊት ተለወጠ አልተለወጠ የሚል ጭንቀት እዚህ ላይ ያበቃል።

አንድ እንቅፋት አለ። አፖቹ ብዙ ጊዜ የፎቶውን መጠን ይቀይራሉ፤ ዳርና ዳሩንም ትንሽ ይቆርጣሉ። ሁለቱ ሌየሮች ካልተገጣጠሙ ሸሚዙ ከአንገቱ ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል። ለመግጠም የላይኛውን ሌየር ብሌንድ ሞድ Difference አድርጉት። አንድ ዓይነት የሆነው ቦታ ጥቁር ይሆናል፤ ያልገጠመው እንደ ነጭ መስመር ያበራል። ከኋላ ያለው ግድግዳና የበሩ ፍሬም ወደ ጥቁር እስኪጠጋ ድረስ አሳንሱ፣ አስፉ፣ ገፋ አድርጉ። ከዚያ ብሌንድ ሞዱን ወደ Normal መልሱት።

ቀለሙን ብቻ ብቀይር አይበቃም?

ብዙ ጊዜ ይበቃል። እኔም ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምጀምረው፤ የልብሱ እጥፋት፣ ጥላውና የትከሻው ቅርጽ እውነተኛ ሆኖ ይቆያልና። የሚወስነው ግን ቀለሙ ከምን ወደ ምን እንደሚሄድ ነው።

ከብርቱካናማ ወደ ነጭ መሄድ ከባድ ይመስላል፣ ግን ቀላል ነው። ፎቶ የሚሠራው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቻናል ነው። ብርቱካናማ ልብስ በቀዩ ቻናል ላይ ወደ ነጭነት የተጠጋ ነው፤ በሰማያዊው ላይ ደግሞ ጥቁር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከቀዩ ቻናል የተነሳ ሸሚዝ በራሱ ነጭ ሸሚዝ ነው፣ እጥፋቱም ጥላውም ያልተነካ።

በተግባር እንዲህ ነው። Channel Mixer የሚለውን አድጀስትመንት ሌየር ክፈቱ፣ Monochrome ላይ ምልክት አድርጉ፣ Red 70፣ Green 30፣ Blue 0 ስጡ። ማስኩን ሸሚዙ ላይ ብቻ ወስኑት። Red 100 ያላልኩት በምክንያት ነው። ብርቱካናማ ደማቅ ብርሃን ሲያርፍበት ቀዩ ቻናል እስከ 255 ይሞላና እጥፋቱ ይጠፋል። ከአረንጓዴው ትንሽ ስትቀላቅሉ እጥፋቱ ይመለሳል።

ጥቁር ልብስን ነጭ ማድረግ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጥቁሩ ውስጥ የተመዘገበ ብርሃን ጥቂት ነው። ወደ ላይ ስትስቡት እጥፋት ሳይሆን ፍርፍር የሚል ኖይዝ ይወጣል። እዚያ ላይ ሳትለፉ ልብሱን በሙሉ ተኩት። ነጭ ልብስን ሌላ ቀለም ለመቀባት ከሆነ ደግሞ የ Hue ማንሸራተቻውን መጎተት ለውጥ አያመጣም። ነጭ የሚዞር ቀለም የለውማ። Solid Color ሌየር ከላዩ አድርጉና ብሌንድ ሞዱን Multiply በሉት።

ሸሚዙን በአንድ ክሊክ መምረጥ አይቻልም?

የፎቶሾፕ Select Subject ቡድን ፎቶ ላይ ብዙ አይረዳም። እጅ ለእጅ የተያያዙ፣ ትከሻ ለትከሻ የተጠጉ ሰዎችን እንደ አንድ ክምር ይወስዳቸዋል። ላይትሩም የተሻለ ነው። ማስክ ውስጥ ያለው People ሰዎቹን አንድ በአንድ ይለይና ከአንዱ ላይ Clothes ብቻ እንድትመርጡ ያስችላል። ለመነሻ ጥሩ ነው። ግን የእናትየው ጣት ያለበትን ቦታ በዙም ሳታዩ እንዳታምኑት።

እናቴ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገዋል። እጃቸው እንዳይበላሽ ምን ላድርግ?

የሥራው ግማሽ እዚህ ነው ያለው፤ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

ፎቶውን 200 ወይም 300 በመቶ አጉሉት። በጣቶቹ ዙሪያ በፔን ቱል መስመር አስምሩ። አውቶማቲክ ምርጫ እዚህ ላይ ይስታል፤ የጠይም እጅ ቀለምና ብርቱካናማ ጨርቅ ለኮምፒውተሩ ይቀራረባሉ። መስመሩ ከጣቱ ውጭ ሳይሆን ግማሽ ፒክስል ያህል ወደ ጣቱ ገባ ይበል። ወደ ውጭ ከወጣ በጣቶቹ ዙሪያ ቀጭን ብርቱካናማ ክር ይቀራል። ነጭ ሸሚዝ ላይ ያቺ ክር ከሩቅ ትጮሃለች።

ጠርዙ ምን ያህል ይለስልስ? የፎቶውን የራሱን ጠርዝ እዩ። የእናትየው ጣት ከራሳቸው ነጠላ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ስንት ፒክስል ላይ ነው የሚደበዝዘው? የእናንተም ማስክ ያንኑ ያህል ይደብዝዝ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፒክስል ገደማ ነው። እንደ ምላጭ የተቆረጠ ጠርዝ ተለጥፎ ያስመስላል፤ በጣም የላላ ደግሞ እጁን ጭጋግ ያለብሰዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳት ነገር። ከጣቶቹ ሥር ስስ ጥላ አለች። ጥላዋን የጣለው እጁ ነው፣ ያረፈችው ግን ሸሚዙ ላይ ነው። ስለዚህ ከሸሚዙ ጋር ነው መቀየር ያለባት፤ መጥፋት ግን የለባትም። በ Channel Mixer ከሠራችሁ ራሷ ትቆያለች። ሌላ ሸሚዝ አምጥታችሁ ከለጠፋችሁ ግን ትጠፋና እጁ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ያን ጊዜ አዲስ ሌየር ላይ፣ Multiply አድርጋችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ ከጣቶቹ ሥር ግራጫ ቀቡ። ጣቱ ጨርቁን በሚነካበት ጠቆር፣ ራቅ ሲል ፈዘዝ ይበል። ወደ የት እንደሚወድቅ ለማወቅ ሌሎቹ ሰዎች አገጭ ሥር ያለውን ጥላ ተከተሉ።

የነጠላው ዘርፍ ክንዱ ላይ ወርዷል። ክር በክር ልቁረጠው?

በፍጹም። ክሮቹ ስስ ናቸው፤ በመሀላቸው ብርቱካናማው ይታያል። በእጅ ቆርጦ የጨረሰ ሰው አላየሁም።

እኛ ፎቶ ላይ ዕድል አለን። ዘርፉም ነጭ፣ አዲሱ ሸሚዝም ነጭ ነው። የሸሚዙ Channel Mixer ዘርፉንም አብሮ ይሸፍነው። በክሮቹ መሀል ያለው ብርቱካናማ ነጭ ይሆናል። ክሮቹ ቅርጻቸው አይነካም፤ የወረደባቸው ብርቱካናማ ብቻ ይለቃል። ነጠላው ባለ ቀለም ጥለት ካለው ግን ማስኩ ጥለቱ ጋ ሳይደርስ ይቁም፤ አለዚያ ጥለቱ ግራጫ ይሆናል።

አዲሱ ልብስ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይገላግልም ነበር። ያኔ ሰማያዊው ቻናል ይጠቅማል። ብርቱካናማ በሰማያዊው ቻናል ጥቁር ነው፣ የነጠላው ክር ደግሞ ብሩህ። ቻናሉን ኮፒ አድርጉ፣ በ Levels ጥቁሩን አጥቁሩ ነጩን አንጡ፣ ከሱፉ በላይ ባስቀመጣችሁት የዋናው ፎቶ ኮፒ ላይ እንደ ማስክ ተጠቀሙበት። ፎቶው ራሱ ክሮቹን ለይቶ ይሰጣችኋል።

ጥበቡን ከየት ላምጣ?

ከራሱ ከወንድምየው ሸሚዝ ቢሆን እመርጣለሁ። የሀበሻ ሸሚዙን ለብሶ አዲስ ፎቶ ይነሳ። ጥላ ሥር ይቁም፣ ብርሃኑ እንደ ዋናው ፎቶ ከተመሳሳይ ጎን ይምጣበት። ፎቶ አንሺው ወደ እሱ ተጠግቶ ሳይሆን ቡድኑን ባነሳበት ርቀት ላይ ሆኖ ያንሳው። ተጠግቶ ካነሳ ደረቱ ይገዝፍና ኮሌታው ከአንገቱ ጋር አይገጥምም። ከዚያ ኮሌታውንና ደረቱ ላይ ያለውን ጥበብ ብቻ ቆርጣችሁ በ Warp አስተካክላችሁ አስቀምጡ። የቀረው አካል ከፖሎው የተገኘው ነጭ ነው።

ፎቶ መነሳት ካልተቻለ Generative Fill ለዚህች ትንሽ ቦታ ብትጠቀሙበት ይሆናል። ሸሚዙን በሙሉ መርጣችሁ ብትሰጡት ግን ውጤቱ ከአካባቢው ይልቅ ሊደበዝዝ ይችላል፤ የተወሰነ መጠን ያለው ምስል ሠርቶ ቦታው ላይ ስለሚወጥረው ነው። ትንሽ ቦታ ስትሰጡት ጥራቱ ይጠበቃል። የሚያወጣው ጥበብ ግን ብዙ ጊዜ ሸማኔ የማያውቀው ዝንጉርጉር ነው። ከሩቅ ያሳምናል፣ እናትየው ግን «ይሄ የየት አገር ጥበብ ነው?» ማለታቸው አይቀርም።

አዲሱ ልብስ ከአሮጌው ቢሰፋ ወይም ቢጠብስ?

ጎረቤትን ላለመንካት ትልቁ ዘዴ ይሄ ነው፦ ከአሮጌው ልብስ ጋር ዳሩ የሚገጥም ልብስ ምረጡ። ፖሎው እጅጌው አጭር ነው፤ እኛም አጭር እጅጌ ያለው ሸሚዝ መረጥን። ጋቢ ብናለብሰው የእህቱን ግማሽ ትከሻ ይሸፍናል። በፊት ሰፊ ጃኬት ለብሶ ቢሆንና አሁን ቀጭን ሸሚዝ ብናደርግለት ደግሞ ከጎኑ ክፍት ቦታ ይወጣል። እዚያ ክፍት ቦታ ላይ የነበረው የእህቱ ክንድ ነው፤ ካሜራው ግን አላየውም። ያልታየ ክንድ ከሣላችሁ ጎረቤትን ነክታችኋል ማለት ነው።

ሸሚዙ ነጭ ሆኗል፣ ግን ተለጥፎ ይመስላል። ምን ጎደለ?

በአብዛኛው ነጩ ከመጠን በላይ ነጥቷል። ጥላ ሥር ያለ ነጭ ልብስ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ድምቀቱም ሙሉ አይደለም። በአይድሮፐር የእህቱን ቀሚስ ነካ አድርጉ። ለምሳሌ 214፣ 218፣ 226 ካነበባችሁ፣ የወንድምየው ሸሚዝ ብርሃን ያረፈበት ቦታም እዚያው አካባቢ መሆን አለበት። በ Curves ሦስቱን ቻናል ለየብቻ አስተካክሉ። 255 የሆነ ሸሚዝ ጥላ ሥር ከታየ ችግሩ እሱ ነው።

ቀጥሎ ኖይዙን እዩ። በስልክ የተነሳ ፎቶ ላይ የሌሎቹ ልብስ ትንሽ ፍርፍር ይላል፤ የተሠራው ቦታ ግን ልሙጥ ነው። 100 በመቶ ላይ ሆናችሁ Add Noise በትንሹ ጨምሩ፣ ከጎኑ ካለው ቀሚስ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ብቻ።

የእናቴ ነጭ እጅጌ ላይ ብርቱካናማ ነገር ቀርቷል። ልንካው?

ፖሎው ብርሃን አንጸባርቆባቸው ነው። ልብሱ ሲቀየር ምንጩ ጠፍቶ ነጸብራቁ ብቻ ይቀራል፣ ተመልካቹም ምክንያቱን ሳያውቅ የሆነ ነገር ይከነክነዋል። እኔ እነካዋለሁ፤ ቅርጹን ሳይሆን ቀለሙን ብቻ። Hue/Saturation ላይ Reds እና Yellows ን መርጣችሁ Saturation ቀንሱ፤ ብርቱካናማ የሚወድቀው በሁለቱ መካከል ነው። ማስኩ ጨርቁ ላይ ይቅር። የሰው ቆዳም ያለው እዚያው የቀለም ክልል ውስጥ ነው፤ ማስኩ ወደ እጃቸው ካለፈ እጃቸው አመድ ይመስላል።

የወንድምየው አገጭ ሥርም እንዲሁ ብርቱካናማ ይኖራል። እሱንም አስተካክሉ።

ሌላም ምክንያት አለ። ጄፔግ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን ከብርሃኑ ይልቅ በግማሽ ዝርዝር ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ደማቅ ቀለም ከጠርዙ አንድ ሁለት ፒክስል ወደ ጎረቤቱ ይፈሳል። ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ ከመጣ ይብሳል፤ እንደገና ተጨምቋልና። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ያነሳው ሰው እንደ ፋይል አድርጎ እንዲልክላችሁ ጠይቁ።

ሌሎቹ ስድስት ሰዎች በእርግጥ እንዳልተነኩ በምን አውቃለሁ?

በዓይን አትመኑ። የጨረሳችሁትን በ PNG አስቀምጡ፣ ዋናውን ፎቶ ከላዩ ጨምሩና Difference አድርጉት። ሸሚዙ ይበራል፤ ሌላው ጥቁር መሆን አለበት። ግን ጥቁር የመሰለ ሁሉ ጥቁር አይደለም። ከላይ Levels ጨምሩና የቀኙን ማንሸራተቻ ከ255 እስከ 20 ድረስ ወደ ግራ አምጡት። የተደበቀው ሁሉ ይወጣል።

በእኛ ፎቶ ላይ መብራት ያለበት ሸሚዙ፣ የወንድምየው አገጭ ሥር፣ የዘርፉ ቦታና የእናትየው እጅጌ ላይ ያለችው ቁራጭ ብቻ ነው። አንድ ሌላ ነጥብ ቢበራ ብሩሽ ያመለጠበት ቦታ ነው፤ ማስኩ ላይ በጥቁር ቀቡት። የሰው ዓይን ወይም ከንፈር ቅርጽ ብቅ ካለ ያ ሰው ተለውጧል ማለት ነው።

በ JPEG አስቀምጣችሁ ካወዳደራችሁ ፎቶው በሙሉ ነጠብጣብ ይላል። እሱ የመጨመቁ ዱካ ስለሆነ አያስደንግጣችሁ፤ በ PNG ድገሙት።

ሥራውን የማትቀበለው መቼ ነው?

መጀመሪያ የምጠይቀው ልብሱ የሚቀየርለት ሰው ማወቁን ነው። እህት ለወንድሟ ብታዝ እንኳ እሱን ደውላ ትጠይቀው። የሴት ልብስ አሳንስ፣ ግለጥ የሚል ትዕዛዝ ከሆነ በሩ እዚያ ነው።

ሙያውን በተመለከተ ደግሞ ሕፃን የታቀፈ ሰው ሲመጣ እፈራለሁ። ልብሱና ልጁ የሚነካኩበት ቦታ ከእጅ የበለጠ ነው፤ የልጁ ፀጉርም ደረቱ ላይ ይበተናል። ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው ፊታቸው ልብሱ ላይ ካረፈም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲመጣ ልብሱን እንዳለ ትቼ ቀለሙን ብቻ እንድቀይር እጠይቃለሁ። ጃኬቱ ጃኬት ሆኖ ይቀራል፣ ግን ከሌሎቹ ጋር የሚሄድ ቀለም ይይዛል። ብዙዎቹ ደንበኞች በዚህ ይስማማሉ።